ፋቲሓን በአማርኛ ፊደል ስክሪን ላይ ማውጣት፦ ሸድዳው፣ ዐይኑ እና የመስመሩ መቁረጫ

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

አሰላሙ ዐለይኩም ወንድሞችና እህቶች። በሰፈራችን የእናቶችና የአባቶች የቂርአት ጀማዐ አለን። አብዛኞቹ አማርኛ ያነባሉ፤ ዐረብኛውን ፊደል ግን በልጅነታቸው የመቅራት ዕድል አላገኙም። ኡስታዛችን የቀራውን በቪዲዮ ቀርጸን በቴሌቪዥን እናሳያቸዋለን፤ ከሥር የሚወጣውን የአማርኛ ጽሑፍ የማዘጋጀው እኔ ነኝ።

አሁን የያዘን የፋቲሓ አምስተኛዋ አያ ናት። በየስልኩ የሚዞረው አጻጻፍ እንዲህ ነው፦ «ኢያከ ነዕቡዱ ወኢያከ ነስተዒን»። ድምፁን ዘግቼ ጽሑፉን ብቻ ሳስነብባቸው ገሚሶቹ «ኢያከ»ን አላልተው ያነቡታል፤ «ነዕቡዱ»ን ሁሉም «ነእቡዱ» ይላሉ፤ «ዒን» ላይ መሳብ እንዳለባቸው ማንም አያውቅም። ድምፁን ስከፍተው የተወሰነው ይስተካከላል፣ የተወሰነው ግን አይስተካከልም። ፊደሉ ራሱ እያሳሳታቸው ያለው የቱ ጋ ነው? ሸድዳውንና መዱን በአማርኛ ፊደል የምታሳዩበት መንገድ ካላችሁ አካፍሉኝ። መስመሩን የት ላይ እንደምቆርጥም ንገሩኝ፤ ሰባተኛዋ አያ በአንድ መስመር አትገባልኝም።

ኡሙ ኢክራም (ሐይቅ)

ወዐለይኩሙ ሰላም ወንድሜ። እኔ የምመክርህ የታተመውን የአማርኛ ትርጉም እንድታስገባ ነው። እናቶች የሚቀሩትን ሳይረዱ ቢቀሩ ልባቸው አይረጋም። «አንተን ብቻ እንገዛለን፤ አንተንም ብቻ እርዳታን እንለምናለን» የሚለውን ከሥር ብትጽፍላቸው ይበቃል።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

እህቴ ኡሙ ኢክራም፣ አላህ ይጨምርልሽ። ትርጉሙን ኡስታዙ በቃል ያስረዳቸዋል። እኔ የጠየቅኩት በሰላት ውስጥ የግድ በዐረብኛ የሚሉትን ድምፅ በአማርኛ ፊደል ስለመጻፍ ነው።

ፊደል ወዳድ

ይህ እኮ ቀላል ነው! የግእዝ ፊደልና የዐረብኛ ፊደል ወንድማማቾች ናቸው። ሐመሩ ሐ የዐረቦቹ ሓእ ነው፣ ብዙኃኑ ኀ ኻእ ነው፣ ዐይኑ ዐ ዐይን ነው፣ ጸሎቱ ጸ ሷድ ነው፣ ፀሐዩ ፀ ዷድ ነው። አባቶቻችን ሁሉንም ለይተው ሰጥተውናል፤ እኛ ነን አደባልቀን ያጠፋናቸው። እያንዳንዱን በቦታው ብትመልሰው ምንም ምልክት መጨመር አያስፈልግህም። «ጺራጠል ለዚነ» ብለህ ጻፍ፣ «መግፁቢ» ብለህ ጻፍ፣ በቃ።

አቡ ሙዐዝ (ኮምቦልቻ)

ፊደል ወዳድ፣ የዘር ሐረጉን በተመለከተ ልክ ነህ። ችግሩ ቴሌቪዥኑ ፊት የተቀመጡት እናት የፊደሉን የዘር ሐረግ አለማንበባቸው ነው። ያለ ድምፅ የሚያነቡት በአማርኛ አፋቸው ነው። ትግርኛ ተናጋሪ ሐን እና ዐን ከነጉሮሯቸው ያነባቸዋል፤ ለእርሱ ሐሳብህ ከሞላ ጎደል ይሠራል። የወሎ ሰው ግን ሀ፣ ሐ እና ኀን በአንድ ድምፅ፣ አን እና ዐንም በአንድ ድምፅ ያነባል። ጸን ለሷድ ብትሰጠው ደግሞ የባሰ ነው። በእኛ አገር ጸሐይ ጠሐይ፣ ጾም ጦም ነው። «ጺራጠል» ብለህ ብትጽፍ ሐይቅ ያሉት እናት «ጢራጠል» ብለው ያነቡልሃል። «ሲራጠል» ቢሉ ይሻላል፤ በሲን ማንበቡ ከታወቁት የንባብ ዘገባዎች በአንዱ፣ በቁንቡል፣ አለ። ነገር ግን ይህን ወደ ሌላ ቦታ አትውሰዱት። «ኢዛ ጃአ ነስሩላህ» ላይ ሷዱን ሲን ካደረጋችሁት እርዳታ የነበረው ንስር አሞራ ይሆናል።

ወደ የጦሳ ልጅ ጥያቄ ልመለስ። ያቺን አያ ሐርፍ በሐርፍ እንያት፤ ሁሉም ዓይነት ችግር እርሷ ውስጥ አለ።

መጀመሪያ ሸድዳው። «ኢያከ» የሚለው አጻጻፍ ያውን ማጥበቅ እንዳለብን አይናገርም። አማርኛ ማጥበቅን በጽሑፍ አያሳይም፤ «አለ» የሚለውን ስናነብ ጠብቆ ይሁን ላልቶ የምናውቀው ቋንቋውን ስለምናውቅ ነው። ዐረብኛ የማያውቅ ሰው ግን የሚገምትበት ነገር የለውም። ጉዳዩም ቀላል አይደለም። ሻፊዒዮች በፋቲሓ ውስጥ ያሉትን ሸድዳዎች ከነቢስሚላሂ 14 ብለው ይቆጥራሉ፤ አንዱን ያላላ ሰው አንድ ሐርፍ እንዳጎደለ ነው የሚታየው። «ኢያከ» ሲላላ ደግሞ ዑለማዎች ለይተው ያነሱታል፤ ትርጉሙ ወደ ፀሐይ ብርሃን ይዞራልና። ስለዚህ ሐርፉን ሁለት ጊዜ ጻፈው፦ ኢይያከ።

ሁለተኛ መዱ። እዚህ ላይ የአማርኛ ፊደል ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ ይረዳል። ግእዙን ለአጭሩ፣ ራብዑን ለረጅሙ ካደረግን «ኢይያከ» ውስጥ ያ ረጅም፣ ከ አጭር መሆናቸው ያለ ምንም ምልክት ይታያል። «ማሊኪ» እና «መሊኪ» የሚሉት ሁለት ንባቦችም በዚሁ መንገድ ቁልጭ ብለው ይለያሉ። ይህ መንገድ የሚከሽፈው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው የጉሮሮ ፊደላት ላይ ነው፦ «ዐለይሂም» አጭር፣ «ዓለሚን» ረጅም ነው፤ አማርኛ አንባቢ ግን ዐን እና ዓን አንድ አድርጎ ያነባቸዋል። ሁለተኛው ካዕብና ሣልስ ላይ ነው፤ አጭሩም ረጅሙም ቡ ነው፣ አጭሩም ረጅሙም ቢ ነው። «ነስተዒን» መሳብ እንዳለበት ያላወቁት ለዚህ ነው። ለነዚህ ብቻ ምልክት ያስፈልጋል። ሁሉም ፊደል ላይ ምልክት አታብዛ፤ ስክሪኑ ይጨናነቃል፣ አንባቢውም የቱን እንደሚያይ ይጠፋዋል።

ሦስተኛ ዐይኑ። «ዐሊም» ብለህ ብትጽፈውም «አሊም» ብለው ያነቡታል። አንዱ አዋቂ ነው፣ ሌላው አሳማሚ። ለዚህ ጽሑፍ መፍትሔ የለውም። ፊደሉን ዐ ብለህ መጻፉን ግን አትተው፤ ኡስታዙ መኽረጁን ካሳያቸው በኋላ ፊደሉን ባዩት ቁጥር ጉሮሮውን ያስታውሳቸዋል። ለዚህም በመላው ጽሑፍ አንድ ሥርዓት መጠበቅ አለብህ። አንድ ቦታ «ዓለሚን» ሌላ ቦታ «አለሚን» ብለህ ከጻፍክ ማስታወሻነቱ ያበቃል።

ኡሙ ኢክራም (ሐይቅ)

አሁን ጥያቄህ ገባኝ፤ የእናቴም ችግር ይኸው ነው። እናቴ ማንበብ የተማሩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀሙ ነው የሚያነቡት። አቡ ሙዐዝ እንዳሉት «ኢይያከ» ተብሎ ተጽፎላቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን ይን ብቻዋን ያነሷትና «ኢ…ይ…ያ…ከ» ይላሉ፣ አራት ቦታ ቆርጠው። «ነስተዒን» ላይም ስን ይጠሩና ያርፋሉ። በሰላት ሲሰግዱም እንደዚያው ሆኖ ቀረ። ሳድሱ ድምፅ አለው ወይስ የለውም የሚለውን ማን ይነግራቸዋል?

አቡ ሙዐዝ (ኮምቦልቻ)

እህቴ፣ ይህ የእናትሽ ብቻ ችግር አይደለም። ፊደል ቆጥሮ የሚያነብ ሰው ሳድስን ባዶውን ሊያነበው አይችልም፣ ትንሽ ድምፅ ይጨምርበታል። ሱኩን ያለበትን ሐርፍ ከፊቱ ካለው ፊደል ጋር አጣብቆ፣ ከኋላው ካለው መነጠል ነው የሚሻለው። ማለትም በፊደል ሳይሆን በአፍ ቁራጭ መክፈል፦ ኢይ-ያ-ከ። «ኢይ» አንድ ላይ ከተጻፈ አንድ ላይ ይነበባል። እናትሽን እንደዚህ ጽፈሽ አስነብቢያቸውና የሚሉትን ንገሪን።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ጀዛኩሙላሁ ኸይር። በተባለው መሠረት የአምስተኛዋን አያ ፋይል እንዲህ አድርጌዋለሁ፦

```
5
00:00:21,400 --> 00:00:27,000
ኢይ-ያ-ከ ነዕ-ቡ-ዱ
ወ-ኢይ-ያ-ከ ነስ-ተ-ዒ፞ን።
```

ዒ ላይ ያለው ምልክት የማስረዘሚያው ነው፣ U+135E። የማጥበቂያው U+135F ነበር፤ ሐርፉን ሁለት ጊዜ ስለጻፍን ግን አላስፈለገኝም። አራት ነጥቡን «እዚህ ቁም» ለማለት ብቻ ተጠቅሜበታለሁ፤ በሌላ ቦታ አላስገባውም። የመጨረሻውንም «ነስተዒኑ» ሳይሆን «ነስተዒን» ብያለሁ፣ ኡስታዙ እዚያ ላይ ስለሚቆም።

የከሚሴው

እኛ ዘንድ ብዙው ልጅ ያደገው በላቲኑ የኦሮምኛ ፊደል ነው። በቁቤ ማጥበቁም ማስረዘሙም ፊደሉን በመድገም ስለሚጻፍ ይህ የእናንተ ጣጣ አልገጠመንም፤ ዐይኑና ሓው ግን እኛንም እንዳስቸገሩን አሉ።

የምለግሰው ስለ ምልክቱ ነው። የጦሳ ልጅ ፋይሉን ወደ እኔ ስልክ ብትልከው ዒ ላይ የሚታየኝ ሣጥን ሊሆን ይችላል። የማጥበቂያው ምልክት በዩኒኮድ የገባው በ2005 ነው፣ የማስረዘሚያው በ2010፤ ሁለቱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። አንዱን የሚያሳይ የድሮ ፎንት ሌላውን ላያውቀው ይችላል። ቴሌቪዥኑ ከፍላሽ ሲያነብ የሚጠቀመው የራሱን ፎንት ነው፤ አንዳንዱማ ግእዙን በሙሉ ሣጥን ያደርገዋል። ስለዚህ ጽሑፉን ለብቻ ፋይል አድርገህ አትተው፣ በቪዲዮው ላይ አትመው። አንዴ ምስል ከሆነ በኋላ ማንም ዘንድ አይበላሽም። ጉዳቱ ስሕተት ብታገኝ ቪዲዮውን እንደገና ማውጣት መኖሩ ነው፤ ለዚህ ነው ከማተምህ በፊት ኡስታዙ ማየት ያለበት።

ከምልክቱ ይልቅ ግን ቀለም ይሻላል ባይ ነኝ። የሚሳበውን ፊደል ቀይ አድርገው። ያረጀ ዐይን ጥቃቅን ነጥቦችን ከሩቅ አያይም። ዩቲዩብ ላይ ካወጣኸው ግን ልብ በል፤ ኤስአርቲ ፋይል ሲቀበል የቀለም ትእዛዙን አያነብም። ይህም ወደዚያው ይመልሰናል፣ ቪዲዮው ላይ ማተሙ ነው የሚያዋጣው።

ደረሳው

በአክብሮት የተለየ ነገር ልናገር። ቁርኣንን ከዐረብኛ ውጭ በሆነ ፊደል መጻፍ ራሱ የተጠየቀ ጉዳይ ነው። ዘርከሺ ስለዚህ ከቀደምት ዑለማዎች የተነገረ ነገር እንዳላገኙ ጽፈው፣ ሊፈቀድ ይችላል የሚል መንገድ እንዳለው ካነሱ በኋላ፣ የሚቀርበው ግን መከልከሉ ነው ብለዋል። ሱዩጢም ይህንኑ ከእርሳቸው አስተላልፈዋል። ከዚያ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ አጥብቀው ከልክለዋል። እናንተ «ማስታወሻ ነው» ትላላችሁ፤ ነገር ግን ሰው በአማርኛው ከለመደ ወደ ዐረብኛው አይመለስም። በቃዒዳ ኑራኒያ ቢጀምሩ፣ 28 ሐርፍ ለአዋቂ ሰው የማይገፋ ተራራ አይደለም።

የወሎን ነገር ለሚያነሱም አንድ ነገር ልበል። ሸህ ጦልሐ ጃዕፈርን የመሳሰሉ ሸኾቻችን አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀሚ፣ ጽፈዋል። «እነርሱ አማርኛን በዐረብኛ ከጻፉ እኛ ዐረብኛን በአማርኛ ብንጽፍ ምን አለ?» የሚል ሰው ሰምቻለሁ። ሁለቱ አይመሳሰሉም። መንዙማውን በዐጀሚ ያነበበው ሰው አማርኛው አፉ ላይ ነበር፤ ፊደሉ ጨን ባይለይለት እርሱ ይለየዋል። እዚህ ግን አንባቢው ቋንቋውን አያውቅም፤ ፊደሉ የጎደለውን ሁሉ እርሱም ያጎድለዋል።

አቡ ሙዐዝ (ኮምቦልቻ)

ደረሳው፣ የዐጀሚውን ነገር በጣም አሳምረህ አስቀመጥከው፤ እኔም በዚህ አልከራከርህም። ሙስሐፍን በአማርኛ ፊደል ማሳተም ከሆነ ጉዳዩ እኔም ካንተ ጋር ነኝ። የማያግባባን ዛሬ መግሪብን የሚሰግዱት የ70 ዓመት እናት ነገር ነው። ፋቲሓ ዛሬ ያስፈልጋቸዋል፤ ቃዒዳውን ግን ቢፈጥን በወራት ነው የሚጨርሱት። ስለዚህ ለፋቲሓና ለአጫጭር ሱራዎች ብቻ፣ ከላይ ዐረብኛው በትልቁ፣ ከሥሩ አማርኛው በትንሹ እንዲወጣ ነው የምለው። አማርኛው ትልቅ ከሆነ ዐይን ወደ ላይ አይነሣም። ይህም ያልተስማማው ዓሊም ይኖራል፤ አካባቢያችሁ ያሉትን ሸህ ጠይቁ።

አሁን ያልተነካው የመስመሩ ጉዳይ ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚያሳስበኝም እርሱ ነው። ስክሪን ላይ መስመሩ ያለቀበት ቦታ ለተማሪው መቆሚያ ይሆናል። ትንፋሹን የሚወስደው እዚያ ላይ ነው፤ በኋላ ስክሪኑ በሌለበትም እዚያው ይቆማል። ቪዲዮ የሚያዘጋጅ ሰው ግን መስመር የሚቆርጠው በፊደል ብዛት ነው። ለምሳሌ አያተል ኩርሲን ልትጽፍ ብትል ቦታው የሚያልቅብህ እዚህ ላይ ሊሆን ይችላል፦

አል-ላ-ሁ ላ ኢ-ላ-ሀ
ኢል-ላ ሁ-ወል ሐይ-ዩል ቀይ-ዩም

ተማሪው የመጀመሪያው መስመር ጫፍ ላይ ከቆመ ያለው ነገር «አምላክ የለም» ነው። ማንም ይህን ብሎ ሊያድር አይፈልግም። ስለዚህ «ላ ኢላሀ ኢልላ ሁወ» በምንም ምክንያት አይለያይም፤ ፊደሉን አሳንስ እንጂ እዚያ ላይ አትቁረጥ።

የፋቲሓ ሰባተኛ አያ ይህን ያህል አደጋ የለባትም። «አንዐምተ ዐለይሂም» ላይ ብትቆርጣት፣ ቢስሚላሂን ከፋቲሓ አያ በማይቆጥሩት አቆጣጠር አያው የሚያልቀው እዚያው ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን፣ «ገይሪል መግዱቢ ዐለይሂም ወለድ-ዷልሊን» የሚለውን፣ በአንድ ስክሪን ላይ አቆየው። በሁለት መስመር ብትከፍለው እንኳ ሁለቱ አብረው ይውጡ፣ አብረውም ይጥፉ፤ የላይኛው መስመር ጫፍ ላይም አራት ነጥብ አታድርግ።

በእያንዳንዱ አያ መጨረሻ ላይ የመቆሚያውን ቅርጽ መጻፍህ ትክክል ነው። ነቢዩ ﷺ በየአያው እየቆሙ ይቀሩ እንደነበር ኡሙ ሰለማ አስተላልፈዋል። ኡስታዙ አያዎችን አያይዞ የሚቀራበት ቅጂ ካለህ ግን ለእርሱ ሌላ ጽሑፍ ያስፈልግሃል፤ ሲያያዝ የ«ኢህዲና» «ኢ» ወድቃ «ነስተዒኑህዲና» ይሆናልና። ድምፁ ሌላ ጽሑፉ ሌላ ከሆነ ተማሪው የሚያምነው ጽሑፉን ነው።

ፊደል ወዳድ

አቡ ሙዐዝ፣ ስለ ጸ ያሉት አሳምኖኛል። «ወለድ-ዷልሊን» ብለው ዷ የጻፉት ግን አልገባኝም። ረመዷንም እንዲሁ ነው የሚጻፈው። ዷ እኮ አማርኛ አንባቢ ዘንድ ድ እና ዋ ነው። ሰዎች «ደዋልሊን» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አቡ ሙዐዝ (ኮምቦልቻ)

ያነሣኸው በጣም ትክክለኛ ነገር ነው፤ ንጹሕ መልስም የለኝም። ዷድ አፍን ሞልቶ ስለሚወጣ ከእርሱ በኋላ ያለው አናባቢ ይወፍራል፤ ዷ የተመረጠው ያንን ውፍረት ለመያዝ ነው። አጻጻፉ ውፍረቱን ይዟል፣ ነገር ግን ዋን ጨምሮበታል። ዳ ብለህ ብትጽፍ ዋው ይጠፋል፣ ድምፁም ተራ ዳል ይሆናል። እኔ ዷን እመርጣለሁ፤ ዋ የምትል እናትን «ከንፈርዎን አያሹሉ» ብሎ ማረም፣ ዳል የለመደችን እናት ወደ ዷድ ከማምጣት ይቀልለኛል። ሌላ ኡስታዝ ተቃራኒውን ሊልህ ይችላል።

ዛል፣ ዛይና ዟእም እንዲሁ ናቸው። ሦስቱም በዘ እየተጻፉ «ሱብሓነ ረብቢየል ዐዚም» ላይ ዟኡ ተራ ዘ ይሆናል። ለዚህ ከኡስታዙ አፍ በስተቀር የማውቀው ነገር የለም።

ኡሙ ኢክራም (ሐይቅ)

እናቴን በተከፋፈለው አስነበብኳቸው። «ኢይ-ያ-ከ»ን ወዲያው አሉት፤ አጥብቀውም አሉት። «ነስ-ተ-ዒን» ላይም ስን አልቆረጧትም። «ነዕ-ቡ-ዱ» ግን ሰረዟ ላይ ያርፋሉ፣ ሦስት ቃል ይመስላቸዋል። ሰረዟን ማጥፋት ይቻላል?

የከሚሴው

እኅቴ፣ ሰረዙን ሱኩን ካለበት ቁራጭ በኋላ ብቻ ቢተዉትስ? ነዕ-ቡዱ፣ ነስ-ተዒን። ቡዱ ሲነበብ ማንም አይሳሳትበትም።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ይህ ጥሩ ነው፤ ስክሪኑም ይቀልልኛል። ያስተካከልኩት ይኸው፦

```
5
00:00:21,400 --> 00:00:27,000
ኢይ-ያከ ነዕ-ቡዱ
ወኢይ-ያከ ነስ-ተዒን።
```

ምልክቱን አውጥቼ ዒን ቀይ አደርጋታለሁ፤ ቀለሙ የሚገባው ቪዲዮው ላይ ሲታተም ስለሆነ እዚህ አይታይም። ከላይ ዐረብኛውን በትልቁ አስገባለሁ። ደረሳው ያነሣውን ለሰፈራችን ሸህ አቅርቤዋለሁ፤ «ፋቲሓንና አጫጭሮቹን ሥሩ፣ ከዚያ በላይ እንዳትሄዱ» ብለውኛል። ከመታተሙ በፊት ድምፁን ዘግቼ ያልሰሙት እናቶች እንዲያነቡት አደርጋለሁ፤ እዚያ ላይ የሚሳሳቱትን ከጽሑፉ እቆጥረዋለሁ፣ ድምፁ ተከፍቶም የሚቀረውን ለኡስታዙ እተወዋለሁ።

ደረሳው

ሸሁ ካሉ እሰየው። ቃዒዳውንም ከሥሩ ጀምሩላቸው፤ ከፋቲሓ ውስጥ ያሉትን ሐርፎች አስቀድሙ። ደሴ ስመጣ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ላቀራላቸው እችላለሁ።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

አህለን ወሰህለን። ጁሙዐ ከዐስር በኋላ ነው የምንሰበሰበው፤ ቦታውን በግል መልእክት እልክልሃለሁ።